ቅንድብ የሚለካው ከዓይን ነው

ቅንድብ የሚሠሩ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት አንድ የቆየ ልኬት አለ። እርሳስ ከአፍንጫ ክንፍ ጎን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲያዝ የቅንድቡን መነሻ ያሳያል። የእርሳሱ ሥር እዚያው ሆኖ ጫፉ ወደ ዓይን የውጭ ጥግ ሲዘነበል ደግሞ ጅራቱ የሚያበቃበትን ያመለክታል። ይህን ልኬት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሥርዓት ያስቀመጠው የሆሊውዱ የሜካፕ ባለሙያ ማይክል ዌስትሞር ነው፤ የፊት ቀዶ ሐኪሞችም ሲጠቅሱት ኖረዋል። የቅስቱ ከፍተኛ ቦታ የዓይኑ ጥቁር ከነጩ ጋር በሚገናኝበት የውጭ ጠርዝ አቅጣጫ እንዲውል፣ መነሻውና ጅራቱ ደግሞ በአንድ አግድም መስመር ላይ እንዲያርፉ ይላል።

ልኬቱ ለብዙ ፊት ይሠራል። የሚያስቸግረው አፍንጫን መነሻ ማድረጉ ነው። አፍንጫዋ ሰፋ ያለ ሴት በዚህ መስመር ብትቀነደብ በመነሻው በኩል ብዙ ፀጉር ታጣለች፤ የአፍንጫው ክንፍ ወደ ውጭ ስለወጣ ወደ ዓይን ጥግ የሚሄደው መስመርም ይቆማል፣ ጅራቱም ያጥራል። ቅንድቡ ከሁለቱም ወገን ተቆርጦ መሐል ላይ ይቀራል፤ አፍንጫውም ከበፊቱ ይበልጥ ሰፍቶ ይታያል። ስለዚህ መነሻው ከዓይን የውስጥ ጥግ ቢለካ ይሻላል እላለሁ።

ለዚህ ከፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ ትልቅ እገዛ ያደርጋል፣ በደንብ ከተነሳ። በክንድ ርቀት የተነሳ ሰልፊ አፍንጫን አግዝፎ ጆሮን ያሸሻል፤ በእሱ መለካት ያሳስታል። ሌላ ሰው ሁለት ሜትር ያህል ርቆ፣ ካሜራውን በዓይን ቁመት ይዞ፣ በዙም አቅርቦ ያንሳ። አገጭ ከፍም ዝቅም አይበል፣ ግንባር ይላላ። ሁለቱ ጆሮዎች እኩል ካልታዩ ጭንቅላት ዞሯል ማለት ነው፤ ፎቶው ይደገም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በታተመ ፎቶ ላይ የአንዲት ሴት የአንድ ዓይኗ ስፋት ከጥግ እስከ ጥግ 20 ሚሊሜትር ሆነ እንበል። በሁለቱ የውስጥ ጥጎች መካከል ያለው 17፣ የአፍንጫዋ ስፋት ደግሞ 26 ነው። በዓይኖች መካከል አንድ ዓይን የሚያክል ቦታ ሲኖር ዓይኖቹ በመካከለኛ ርቀት ላይ ናቸው ይባላል። የእሷ ከዚያ ስለሚያንስ ዓይኖቿ ቀረብ ቀረብ ያሉ ናቸው። በአፍንጫ ልኬት ቢሄዱ በቅንድቦቿ መካከል 26 ሚሊሜትር ይከፈታል፤ ያ ከዓይኗ ስፋት በላይ ነው። በዓይን ጥግ ልክ ቢተዉት ደግሞ 17 ይሆንና ዓይኖቿን ይበልጥ ያቀራርባል። እኔ 20 ላይ አቆመዋለሁ፤ ከእያንዳንዱ የውስጥ ጥግ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ብቻ ወደ ውጭ ማለት ነው። ዓይኖቿ ተራርቀው ቢሆን ኖሮ መነሻውን ከጥጉ ትንሽ ወደ ውስጥ ማስገባት በቂ ነበር። እነዚህ የፎቶ ሚሊሜትሮች ስለሆኑ ወደ ፊቷ የሚወሰደው ንጽጽሩ ነው።

ጅራቱን በአግድም መስመር መፈተን ይቻላል። በፎቶው ላይ ከመነሻው የታችኛው ጠርዝ ተነስቶ ማስመሪያ ሲዘረጋ ጅራቱ ከመስመሩ በታች ከወረደ ዓይኑ የደከመ ይመስላል፤ መቀነስ ያለበት ያ የወረደው ፀጉር ነው። የፊት ቅርጽ የሚገባው ቅስቱ ላይ ነው። ረዘም ላለ ፊት ቅስቱ ዝቅ ብሎ አግድም ቢረዝም ቁመቱን ይሰብረዋል፣ ለክብ ፊት ትንሽ ከፍ ማለቱ ያምራል። የወንድ ቅንድብ በአብዛኛው ዝቅ ብሎ በዓይን ጉድጓድ አጥንት ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ ስለሚተኛ፣ ከሥሩ በጣም ሲነቀል ባሕርዩን ያጣል።

ቦታዎቹ በነጭ እርሳስ ምልክት ይደረግባቸውና ወረንጦ ወይም ክር ከመነሳቱ በፊት ሌላ ፎቶ ይነሳ። መስታወት ፊትን ገልብጦ ስለሚያሳይ የለመድነው ማዘንበል አይታየንም፣ በፎቶ ግን ይወጣል።

ፎቶው አንዱ ቅንድብ ከሌላው ከፍ እንዳለ ካሳየ ወዲያው ከፍ ያለውን መንቀል አይገባም። ብዙ ጊዜ ከፍ የሚያደርገው ፀጉሩ ሳይሆን የግንባር ጡንቻ ነው። ለማወቅ ዓይንን ቀስ ብሎ ጨፍኖ ግንባርን ማላላት፣ በዚያው ሁኔታ ፎቶ መነሳት ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ልዩነቱ የጡንቻ ነውና ፀጉር በመንቀል አይስተካከልም። አንዳንዴ ጡንቻው የሚጎትተው የዚያ ዓይን የላይኛው ቆብ ስለወረደ፣ እይታን ለመክፈት ነው። ቆቡ በድንገት የወረደ ከሆነ፣ በተለይ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም ከባድ ራስ ምታት ካለ፣ ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።