ባርኮድ ውስጥ ያለውና የሌለው

በሳሙና፣ በብስኩት ወይም በመድኃኒት ካርቶን ላይ የሚታየው ባለ መስመር ባርኮድ በውስጡ የያዘው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። የዕቃው ዋጋ፣ የተመረተበት አገርና የሚያበቃበት ቀን በመስመሮቹ ውስጥ የሉም። ዕቃው እውነተኛ ይሁን ወይም ተመሳስሎ የተሠራ ባርኮዱ አይናገርም። ብዙ ሰው የሚያምነው ግን ተቃራኒውን ነው። ባርኮዱን በስልኩ ያነበበ ሸማች የዕቃው ስምና ፎቶ ስክሪኑ ላይ ሲመጣለት ዕቃው ተመርምሮ ያለፈ ይመስለዋል። በሕፃናት ወተትና በመድኃኒት ላይ ይህ እምነት ለጤና ያሰጋል፤ ስልኩን ያመነ ሰው ካርቶኑ ላይ የታተመውን ቀን ሳያይ ይሄዳልና።

እምነቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ገንዘብ ተቀባይዋ ዕቃውን በስካነሩ ፊት ስታሳልፍ ስሙና ዋጋው ወዲያው ይመጣል፤ ያየ ሰው መረጃው ከመስመሮቹ የወጣ ቢመስለው አይፈረድበትም። መረጃው የመጣው ግን ከሱቁ ኮምፒውተር ነው። ስካነሩ ቁጥሩን ያነባል፣ ኮምፒውተሩ በዚያ ቁጥር የተመዘገበውን ስምና ዋጋ ፈልጎ ያወጣል። ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው፤ ያው ብስኩት፣ ያው ባርኮድ፣ በሁለት ሱቅ ሁለት ዋጋ አለው። ሱቁ ዋጋ ሲጨምርም አዲስ ባርኮድ አያሳትምም። አሠራሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲህ ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1974 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ትሮይ በተባለች ከተማ በአንድ ሱፐርማርኬት ለመጀመሪያ ጊዜ የማስቲካ ፓኬት በስካነር ሲሸጥ፣ ከፓኬቱ የተነበበው ቁጥር ብቻ ነበር።

ቁጥሩ ምን እንደያዘ ለማየት የባርኮድ ቁጥሮችን በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚያስተዳድረው ጂኤስ1 የተባለው ድርጅት ለማሳያ የሚጠቀምበትን አንድ ቁጥር መውሰድ ይበቃል።

```
9501101530003
```

አሥራ ሦስት አኃዞች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ቁጥሩን የሰጠውን የጂኤስ1 ቅርንጫፍ ያመለክታሉ። ቀጥለው የድርጅቱና የዕቃው ቁጥር ይመጣሉ። የመጨረሻው አኃዝ ከሌሎቹ ተሰልቶ የሚገኝ ማረጋገጫ ነው። ስሌቱ ከግራ ጀምሮ አንዱን አኃዝ በ1፣ ቀጣዩን በ3 እያፈራረቁ ማባዛትና መደመር ነው። ከላይ ባለው ቁጥር አሥራ ሁለቱ አኃዞች እንዲህ ተባዝተው ሲደመሩ 47 ይሆናሉ። ከ47 ቀጥሎ ያለው የአሥር ብዜት 50 ነው፤ 50 ለመድረስ 3 ይጎድላል፤ ስለዚህ የመጨረሻው አኃዝ 3 ሆነ።

ይህን ስሌት “እውነተኛ ዕቃ መለያ ዘዴ” እያሉ የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ፤ ስሕተታቸው ከባድ ነው። ማረጋገጫው አኃዝ የተሠራው ስካነሩ ወይም ቁጥሩን በእጅ የሚያስገባው ሠራተኛ አንድ አኃዝ ሲሳሳት እንዲታወቅ ነው። አስመስሎ የሚሠራ ሰው የእውነተኛውን ካርቶን ባርኮድ እንዳለ ሲገለብጥ ማረጋገጫውም አብሮ ይገለበጣል፣ ስሌቱም ሳይዛነፍ ይወጣል።

የሚያበቃበት ቀን ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ግልጽ ነው። በአንድ ዓይነትና መጠን የተመረተ ዕቃ ሁሉ አንድ ቁጥር አለው። ከሁለት ዓመት በፊት የታሸገው ጣሳና ትናንት የታሸገው ጣሳ የሚለያዩበት አንዲት መስመር እንኳ የለም። ስለዚህ ከባርኮዱ ብቻ ተነሥቶ “ጊዜው አላለፈም” ሊል የሚችል የስልክ መተግበሪያ የለም፣ ሊኖርም አይችልም።

በቴሌግራምና በዋትስአፕ የሚዘዋወረው የአገራት ዝርዝርም የሚያርፈው በእነዚያ ሦስት የመጀመሪያ አኃዞች ላይ ነው፤ “690 ቻይና ነው፣ 890 ሕንድ ነው፣ 600 ደቡብ አፍሪካ ነው” ይላል። ቁጥሮቹ ከተጠቀሱት አገሮች ጋር መያያዛቸው እውነት ነው፤ የሚያሳስተው ትርጉማቸው ነው። የሚያሳዩት ድርጅቱ ቁጥሩን ያገኘው ከየትኛው አገር ቅርንጫፍ እንደሆነ ነው። በደቡብ አፍሪካ ተመዝግቦ ዕቃውን ቻይና የሚያስመርት ድርጅት በ600 የሚጀምር ባርኮድ ያትማል። በተቃራኒው ሌላ አገር የታሸገ ዕቃ፣ ባለቤቱ ሕንድ ስለተመዘገበ ብቻ 890 ሊይዝ ይችላል። መጻሕፍትን ማየት ክርክሩን ይዘጋዋል፤ የመጽሐፍ ባርኮድ በ978 ወይም በ979 ይጀምራል፣ የትም አገር ይታተም። ዝርዝሩን እንደ ጤና ምክር የሚያሰራጩ ሰዎች ሸማቹ “የተመረተበት አገር” የሚለውን የታተመ ጽሑፍ ትቶ በግምት እንዲገዛ እያደረጉት ነው። ከመላካቸው በፊት ጥቂት ካርቶኖችን ቢያገላብጡ ኖሮ ስሕተቱን ራሳቸው ያገኙት ነበር።

ይህ ማለት ግን ባለ አንድ አቅጣጫ ባርኮድ ሁሉ ከቁጥር ሌላ አይችልም ማለት አይደለም። ሱፐርማርኬት ውስጥ ተመዝኖ የሚለጠፍበት ሥጋ ወይም አይብ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 29 ባለው ቁጥር የሚጀምርና በዚያው ሱቅ ብቻ የሚሠራ ባርኮድ አለው፤ በውስጡም ዋጋው ወይም ክብደቱ በእርግጥ ተጽፏል። ኮድ 128 የተባለው ባለ መስመር ባርኮድ ደግሞ የላቲን ፊደላትንም ይቀበላል፤ በጅምላ ካርቶኖች ላይ የባች ቁጥርና ማብቂያ ቀን ይዞ ይታያል። ችግሩ ርዝመቱ ነው። መስመሮቹ መረጃ የሚይዙት ወደ ጎን ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ ተጨማሪ ፊደል ባርኮዱን ያሰፋዋል፤ ትንሽ የመድኃኒት ካርቶን አይበቃውም። የመስመሮቹ ቁመት ምንም መረጃ አይይዝም። ቁመቱ የሚጠቅመው ስካነሩ በየትኛውም ከፍታ ቢያልፍ ያንኑ እንዲያነብ ነው፤ ስለዚህ ባርኮዱ ከላይ ቢቀደድም የቀረው ክፍል ይነበባል፣ ከጎን አንድ መስመር ከጠፋ ግን አይነበብም።

ባለ ሁለት አቅጣጫ ኮድ ይህን ገደብ የሚያልፈው መረጃውን ወደ ጎንም ወደ ታችም በሚደረደሩ ጥቃቅን ካሬዎች በመጻፍ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በ1994 በጃፓኑ ዴንሶ የተሠራውን ኪውአር ኮድ ነው፤ በሦስት ማዕዘኖቹ ላይ ባሉት ትልልቅ ካሬዎች ይለያል። በመድኃኒት ላይ የሚታተመው ግን ብዙውን ጊዜ ዳታ ማትሪክስ ነው። እሱ ትልልቅ ካሬ የለውም፤ በግራና በታች ጠርዙ ያልተቋረጠ ጥቁር መስመር፣ በሌሎቹ ሁለት ጠርዞች ደግሞ ጥቁርና ነጭ የሚፈራረቁበት መስመር አለው። ዓይንን የሚያታልለው ፒዲኤፍ417 ነው። አጫጭር መስመሮች ስለሚበዙበት ባለ አንድ አቅጣጫ ይመስላል፣ ነገር ግን የተደራረቡ ብዙ ረድፎች ስላሉት ከባለ ሁለት አቅጣጫዎቹ ወገን ይቆጠራል። በአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ጀርባ ያለው እሱ ነው።

ከላይ ያየነው ቁጥር የመድኃኒት ነው ቢባል በዳታ ማትሪክሱ ውስጥ የሚጻፈው እንዲህ ይሆናል፤ የባችና የመለያ ቁጥሮቹ ለምሳሌ የገቡ ናቸው።

```
(01)09501101530003(17)271130(10)AB123(21)7K4M92
```

በቅንፍ ያሉት ቁጥሮች ቀጥሎ የሚመጣው ምን እንደሆነ ይናገራሉ። ከ01 በኋላ ያው የዕቃው ቁጥር ነው፤ አሥራ አራት አኃዝ እንዲሞላ ዜሮ ተጨምሮበታል። 17 ማብቂያ ቀን፣ 10 የባች ቁጥር፣ 21 ደግሞ የዚያች አንዲት ካርቶን ብቻ የሆነ መለያ ቁጥር ነው። ቀኑ የሚነበበው ዓመት፣ ወር፣ ቀን ተብሎ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ስለዚህ 271130 ማለት ኖቬምበር 30 ቀን 2027፣ በኢትዮጵያ ኅዳር 20 ቀን 2020 ዓ.ም. ነው፤ 27ን ቀን አድርጎ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል። ቀኑ በ00 ካለቀ የወሩ መጨረሻ ማለት ነው።

ይህም ቢሆን ኮዱ በራሱ የእውነተኛነት ማስረጃ አይሆንም፤ ዳታ ማትሪክስም ይገለበጣል። ልዩነቱ መለያ ቁጥሩ ላይ ነው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2019 ጀምሮ በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ መድኃኒቶች እነዚህን አራት መረጃዎች የያዘ ኮድ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል፤ ፋርማሲስቱ ሲሸጥ መለያ ቁጥሩን ከማዕከላዊ መዝገብ ጋር ያመሳክራል፣ ከዚያ ቁጥሩ ይዘጋል። ያው ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ አንዱ ቅጂ መሆኑ ይታወቃል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ለመድኃኒት ክትትል የተቀበለው የጂኤስ1ን ሥርዓት ነው። ካርቶኑን በስልኩ ያነበበ ሸማች ግን መዝገቡን አያገኝም፤ የሚያነበው የተጻፈውን ብቻ ነው። ያም ቢሆን ይጠቅመዋል፤ በኮዱ ውስጥ ያለው ቀንና ባች ካርቶኑ ላይ ከታተመው የተለየ ከሆነ ሳይገዛ ፋርማሲስቱን መጠየቅ አለበት።

ኪውአር ኮድ “ማለቂያ የሌለው” መረጃ ይይዛል የሚባለውም ልክ አይደለም። ትልቁ በጎን 177 ካሬ ያለው ሲሆን ቢበዛ 7,089 አኃዝ ወይም 2,953 ባይት ይይዛል። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ ሦስት ባይት ስለሚወስድ የአማርኛ ጽሑፍ ከ984 ፊደል አያልፍም። ፎቶና ቪዲዮ ኮዱ ውስጥ አሉ የሚመስለው፣ ኮዱ የድረ ገጽ አድራሻ ስለሚይዝና ስልኩ ያንን ስለሚከፍት ነው። ለዚህም ነው በሱቅ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የክፍያ ኮድ ላይ ሌላ ወረቀት መለጠፍ ገንዘቡን ወደ ሌላ ሰው ሊወስደው የሚችለው፤ ከፋዩ ከማጽደቁ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የተቀባይ ስም ማንበብ አለበት።

ሃይማኖተኛ ሰዎችን የሚያስጨንቀው፣ በባርኮድ ውስጥ 666 ተደብቋል የሚለው ወሬም አለ። በመጀመሪያ፣ በመሐልና በመጨረሻ ያሉት ረዣዥም ጥንድ መስመሮች በቀኝ ግማሽ የሚጻፈውን 6 በእርግጥ ይመስላሉ። ነገር ግን አኃዝ ሁሉ ሰባት እኩል ክፍል ስፋት ሲኖረው የዳር ጥንዶቹ ሦስት፣ የመሐሉ አምስት ክፍል ብቻ ናቸው። ስካነሩ እንደ ቁጥር አያነባቸውም፤ ንባቡ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚከፈልና የት እንደሚያልቅ ያውቅባቸዋል።

ቀይ መስመር የሚያበራ የሌዘር ስካነር ኪውአርም ሆነ ዳታ ማትሪክስ ማንበብ አይችልም፤ ለእነሱ ካሜራ ያለው ስካነር ያስፈልጋል። ጂኤስ1 እ.ኤ.አ. በ2027 መጨረሻ የሱቆች ስካነር ባለ ሁለት አቅጣጫ ኮድ ማንበብ እንዲችል ግብ አስቀምጧል፤ እስከዚያም ከዚያም በኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን መታተማቸው አይቀርም። ሸማቹ በእጁ ያለው ባለ መስመር ባርኮድ ብቻ ከሆነ ስልኩን አስቀምጦ የታተመውን ቀን ያንብብ።