ድስቱም ዜማ አለው፦ የስግድ ዋዜማ ወጥና የማድ ቤት ዘፈን

የስግድ ዋዜማ ሲደርስ በመዝከረት ባትያም ሆነ በአጎራባቿ በሬሆቮት፣ በብዙ ቤቶች ከሳሎኑ ቀድሞ የሚሞላው ማድ ቤቱ ነው። እናት፣ እህት፣ ምራት፣ የልጅ ልጅ፣ ሁሉም እጁን ታጥቦ ይገባል። አንዷ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ አንዷ የዳቦ ሊጥ ታሻለች፤ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ትወቅጣለች። በዚህ መሀል አንዱ ወጣት ስልኩን ያወጣና “ምን ልክፈት?” ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን እጅ ጆሮን ይከተላል። የሚከፈተው ዘፈን የማማሰያውን ፍጥነት ይለውጣል፤ ማማሰያው ደግሞ የወጡን ጣዕም ይወስናል።

ስግድ ከዮም ኪፑር በኋላ በሃምሳኛው ቀን፣ ሔሽቫን 29 ይከበራል። ክኔሴት በ2008 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ባወጣው ሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። በዕለቱ ብዙዎች ኢየሩሳሌም ወደሚገኘው ወደ አርሞን ሃናጺቭ ይሄዳሉ፤ ጸሎቱ እስኪፈጸምም ይጾማሉ። ማድ ቤቱን የሚያስጨንቀው ይህ ጾም ነው። ጎሕ ከቀደደ በኋላ ጿሚዋ ወጥ ቀምሳ ጨው መለካት አትችልም። ስለዚህ ወጡ በዋዜማው ማታ ማለቅ አለበት። ሌሊት ላይ ቢያር ደግሞ ሌላ አምስት ኪሎ ሽንኩርት ከየት ይመጣል?

አገር ቤት ሳሉ ሥራንና ዜማን ማስማማት ማንም ቁጭ ብሎ የሚማረው ትምህርት አልነበረም። ሴቶች ገና ሳይነጋ ወፍጮ ላይ ተንበርክከው መጁን እየገፉ ሲያንጎራጉሩ፣ ዜማው የሚረዝመው መጁ ወደ ፊት ሲገፋ ነበር፤ ትንፋሹ የሚወሰደው ደግሞ መጁ ሲመለስ ነው። ክንድ ሲደክም ዜማውም ይዘገያል። ፍጥነቱን የሚወስነው ሥራው ነበርና ዘፋኟና ፈጪዋ አንድ ሰው ነበሩ። ዛሬ ዱቄቱ ከሱቅ ይመጣል፤ ዘፈኑም ከስልክ። ስልኩ ግን ድስቱን አያይም። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በትልቅ የበዓል ማድ ቤት ውስጥ ያለው ሥራ ከዜማ ጋር ባለው ግንኙነት በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው እጆች ምት የሚጠብቁበት ሥራ ነው። ሙቀጫና ዘነዘና ዋናው ምሳሌ ነው፤ ሊጥ ማሸትም እንዲሁ። ለዚህ ሥራ የጭክጭካ ምት ያላቸው፣ በእስክስታ የሚጨፈርባቸው የጎንደር ዘፈኖች ይስማማሉ። የጭክጭካ ምት ስድስት ሆኖ ይቆጠራል፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ሁለት ሴቶች ሙቀጫቸውን ጎን ለጎን አድርገው ሲወቅጡ፣ የአንዷ ዘነዘና “አንድ” ላይ፣ የሌላዋ “አራት” ላይ ያርፋል። ሦስተኛ ሴት ብትጨመር ደግሞ “አንድ፣ ሦስት፣ አምስት” ብለው ስድስቱን ምት ለሦስት ይካፈሉታል። ዘፈኑ ያው ነው፤ ማንም ከማንም አይጋጭም። ዘነዘናው የሙቀጫውን ጠርዝ መምታት ከጀመረ ወይም ዝንጅብሉ እየዘለለ ከወጣ፣ ዘፈኑ ከክንድ አቅም በላይ ፈጥኗል ማለት ነው። ለታች ጎረቤትም ሲባል ከሙቀጫው ሥር የታጠፈ ጨርቅ ቢደረግ ድምፁ ይቀንሳል።

ሁለተኛው እያንዳንዱ እጅ በራሱ ፍጥነት የሚሄድበት ሥራ ነው። ሽንኩርት መላጥና መክተፍ እዚህ ይገባል። እንባ ባቀረረ ዓይን ቢላዋ የያዘች ሴት ምት መከተል የለባትም፤ ጣቷን ልትቆርጥ ትችላለች። ለዚህ የሚሆነው አንዷ የምታወጣው፣ ሌሎቹ የሚቀበሉት ዘፈን ነው። እጅ ሁሉ ስለተያዘ ጭብጨባ አይታሰብም፤ ስለዚህ ያለ ጭብጨባና ያለ ከበሮ መቆም የሚችል ዜማ መመረጥ አለበት። ተቀባዮቹ የሚጠበቅባቸው ግጥሙን ሰምተው መመለስ ብቻ ነው። ቢላዋው በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ ሰዎቹ ግን አብረው ይቆያሉ።

ሦስተኛውና አስቸጋሪው ምግቡ ራሱ ፍጥነቱን የሚወስንበት ሥራ ነው። እርሱም ቁሌት ነው። አንድ ቤት ለምሳሌ ይታይ።

እንግዶቹ ሃያ ናቸው እንበል። ሦስት ዶሮ፣ አምስት ኪሎ ሽንኩርት፣ ሃያ እንቁላል ተዘጋጅቷል። ሥጋና ወተት ስለማይቀላቀሉ ወጡ የሚሠራው ያለ ቅቤ፣ በዘይት ነው። ዘይት ደግሞ እንደ ተነጠረ ቅቤ የራሱ መዓዛ የለውም። ስለዚህ የወጡ ጣዕም ከሁሉ ይልቅ በሽንኩርቱ ላይ ይወድቃል። አምስት ኪሎ የደቀቀ ሽንኩርት በአንድ ትልቅ ድስት፣ ያለ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት ላይ ተጥዶ ውሃው እስኪመጥና ቀለሙ እስኪለወጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ከዚያ ዘይት፣ ቀጥሎ በርበሬ ይገባል፤ ለብ ያለ ውሃ ጠብ እየተደረገበትም ቢያንስ አርባ ደቂቃ ይቁላላል።

አሁን የልጅ ልጅ ማማሰያውን ተቀበለችና ፈጣን የሠርግ ዘፈን ከፈተች እንበል። እጇ ፈጠነ። ፈጥኖ የሚሽከረከር ማማሰያ ግን የሚያንቀሳቅሰው የላይኛውንና የመሀሉን ሽንኩርት ነው፤ ከሥር የተኛው ከቦታው አይነሳም። ዘፈኑ ሲደምቅ ትከሻዋ እስክስታ ወረደ፤ ማማሰያው ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆመ። ሥራው ከዘፈኑ ወደ ኋላ የቀረ ስለመሰላት እሳቱንም ጨመረችው። በርበሬ ከገባ በኋላ ለማረር ይህ ይበቃል። ያረረ በርበሬ ወጡን ይመርረዋል፤ ውሃም ሆነ ጨው አይመልሰውም። ሽታው ሲመጣ በጊዜ ከተደረሰበት መፍትሔው አንድ ነው፦ ሥሩን ሳይነኩ የላዩን ወደ ሌላ ድስት መገልበጥ።

ሌላም ስውር ጉዳት አለ። ድስቱ ራሱ ድምፅ አለው። ሽንኩርቱ ውሃ ሳለው ዝግ ብሎ ይፈላል፤ ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ደረቅ ይሆንና መንጣጣት ይጀምራል። ባለሙያዋ እናት ጀርባዋን ሰጥታ እንቁላል እየላጠች እንኳ ይህን ለውጥ ሰምታ “ውሃ ጠብ አድርጊበት” ትላለች። ድምፅ ማጉያው ከምድጃው አጠገብ ከጮኸና የጭስ መሳቢያው ከተጨመረበት ግን ይህ ጆሮ ሥራ ይፈታል። ስለዚህ በቁሌት ሰዓት ድምፅ ማጉያው ወደ ሳሎን ቢወሰድና ዝቅ ቢል ይሻላል።

ለቁሌት የሚስማማው ረጅምና ዝግ ያለ ዜማ ነው። ዘፋኙ አንድ ስንኝ እስኪጨርስ ማማሰያው የድስቱን ሥር ከዳር እስከ ዳር ይጠርጋል፤ ዘፋኙ ሲተነፍስ እጁም ያርፋል፣ ቀጥሎም እንደገና ይነሳል። ስድስት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን ሰዓትም ይሆናል፦ አሥር ጊዜ ሲደጋገም አንድ ሰዓት ሞላ ማለት ነው። በርበሬው ከገባ በኋላ ግን ውሃ ለመጨመር የዘፈን ማለቅ አይጠበቅም፤ ያኔ የሚታዘዘው ድስቱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። “ትዝታ ክፈት” ሲባል ዝግ ያለ ዘፈን የታዘዘ ይመስላል። ትዝታ ግን ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ነው። ቅኝት የሚናገረው ስለ ድምፆቹ አሰላለፍ እንጂ ስለ ፍጥነት አይደለም። ጌታቸው ካሳ ትዝታን በዝግታም በፍጥነትም ማስቀረጹ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። አንዱ ለቁሌት፣ ሌላው ለሙቀጫ ይሆናል። ስለዚህ ከርዕሱ ይልቅ ምቱን መቁጠር ይበጃል። ከዘፈኑ ጋር እያጨበጨቡ አሥራ አምስት ሰከንድ ይቁጠሩ። ጭብጨባው አሥራ አምስት አካባቢ ከሆነ ለማማሰያ ይሆናል፤ ሃያ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ለሙቀጫና ለሊጥ ይቀመጥ።

ዘይቱ ከቁሌቱ ላይ መንሳፈፍ ሲጀምር ከባዱ ሥራ አለፈ ማለት ነው። የተወቀጠው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይገባል፤ ዶሮውም ይከተላል። እዚህ አገር የሚሸጠው የካሽር ዶሮ ሲዘጋጅ በጨው የታሸ ስለሆነ በሎሚ ማጠቡ ይበቃል። ጨው የሚጨመረው በመጨረሻ ተቀምሶ ነው፤ ቅምሻውም ከጎሕ በፊት መሆኑ አይዘነጋ። ዶሮው ከገባ በኋላ ብዙ ማማሰል ሥጋውን ከአጥንቱ ስለሚለየው እጅ የሚያርፍበት ሰዓት ይህ ነው። የሠርጉ ዘፈን አሁን ቢከፈት፣ እስክስታውም ቢወረድ ማንንም አይጎዳም። እንቁላሉ ገብቶ ድስቱ ሲከደን እልልታ ይከተላል። በጎንደር በአምቦበር የስግድ ጸሎት ሲያበቃ ሕዝቡ ከተራራው በዘፈንና በጭፈራ ይወርድ እንደነበር የሚያስታውሱ እናቶች፣ ደስታ ከድካም በኋላ እንደሚመጣ ያውቁታል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ለዚያች የቁሌት ሰዓት ስልኩን መዝጋት ነው። ከምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ የተቀመጠች አያት ዜማውን ብታወጣ፣ ሽንኩርቱ ሲደርቅ ድምጿን ታዘገየዋለች፤ ማማሰያው ሲሰንፍ ታነሳሳዋለች። አማርኛው የማይገባት የልጅ ልጅም ቢያንስ መቀበያዋን ቃል መመለስ አያቅታትም። ማማሰያውን በዜማው ልክ ይዛ ሥሩን ከጠረገች፣ ከሁለትና ሦስት ስግድ በኋላ ዘፋኝም ሆነ ስልክ ሳያስፈልጋት፣ ድስቱ ሲንጣጣ ራሷ ሰምታ ውሃ ጠብ ታደርጋለች።