የደበዘዘውን ሳሎን በአራት ሳምንት

ሳሎን ደብዝዞ ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው አዲስ ሶፋ ነው። ዋጋው ሲጠየቅ ግን ሐሳቡ ለከርሞ ይተላለፋል፣ ክፍሉም እንደነበረ ይቀጥላል። በእኔ እምነት አብዛኛውን ሳሎን ያስረጀው ሶፋው አይደለም። ያስረጀው የከሰል ጥላሸትና የእጅ ቅባት የጠጣው ግድግዳ፣ በዕቃ የተጋረደው መስኮትና ከኮርኒሱ መሃል የምትንጠለጠለው አንዲት አምፖል ነው። እነዚህን ለማስተካከል የሚወጣው ገንዘብ ከአዲስ ሶፋ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው፤ የሚጠይቀው ቅደም ተከተልና አራት ሳምንት ብቻ ነው።

ነገሩ በቁጥር እንዲታይ አንድ የታወቀ ዓይነት ክፍል እንውሰድ፦ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር ተኩል፣ ከፍታው 2 ሜትር ከ60 የሆነ የኮንዶሚኒየም ሳሎን። አንድ መስኮት አለው። ሦስቱ ግድግዳዎች በሶፋ ተይዘዋል፣ ቡፌው የመስኮቱን ግማሽ ሸፍኗል፣ መሃሉን ትልቅ የመስታወት ጠረጴዛ ይዞታል። ቡና የሚፈላበት ጥግ ላይ ግድግዳው ከወለሉ እስከ ወገብ ጠቁሯል።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ማውጣትና ማጠብ ነው። መጋረጃው ይውረድ፣ ዳንቴሉና ምንጣፉ ይታጠብ፣ በሳሎኑ ውስጥ ያለው ትንንሽ ዕቃ ሁሉ ወደ ሌላ ክፍል ይሂድ። ክፍሉ ለሁለትና ሦስት ቀን ባዶ እንደሆነ ሲኖሩበት የትኛው ዕቃ እንደጎደለ፣ የትኛው ደግሞ ከነመኖሩም እንደተረሳ ራሱ ይናገራል። ያልተፈለገው አይመለስ። ቡፌው ከመስኮቱ ይነሳና መስኮት ወደሌለበት ግድግዳ ይዛወር፤ ለውጡ ከቀለም ያልተናነሰ ነው፣ የሚያስወጣውም የሁለት ሰው ጉልበት ብቻ ነው።

ሶፋው ሲመለስ ሁለት ልኬት ይበቃል። ሰው የሚያልፍበት መንገድ ቢያንስ 75 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ በሶፋውና በጠረጴዛው መካከል ደግሞ ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይቅር፤ ከዚያ ከጠበበ ጉልበት ይነካል፣ ከሰፋ ሲኒ አይደረስም። የእኛ ሳሎን ከእንግዳ መቀበያነቱ ሌላ ቡና ማፍያም ነውና ቄጤማ የሚጎዘጎዝበት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቦታ መስኮቱ ሥር ይተው። መስኮቱ ሥር የምለው ለውበት ብቻ አይደለም፤ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ያወጣል፣ ጥላሸቱም በክፍሉ ሁሉ ይበተናል።

በዚህ ሳምንት የሚገዛ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እሱም አምፖል ነው። ብዙ ቤት የምናየው ኃይል ቆጣቢ አምፖል በካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን የሚል ነው፤ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ክሬም ቀለሙን አመድ ያስመስለዋል። 2700 ወይም 3000 የሚለው ግን ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን ይሰጣል። ከቀለሙ በፊት መገዛት ያለበት ምክንያቱም ይኸው ነው፦ ቀለሙ የሚመረጠው በሱቁ መብራት ሳይሆን ማታ ቤተሰቡ በሚቀመጥበት መብራት ሥር ነው። ካሰቡት ቀለም ጥቂት አስቀንሰው በሁለት የተለያዩ ግድግዳዎች ላይ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ይቀቡት፣ ጠዋትም ማታም ይዩት።

ሁለተኛው ሳምንት የግድግዳው ነው፤ ከገንዘቡ ግማሽ ያህሉ፣ ከድካሙም ትልቁ ክፍል እዚህ ይውላል። ሰው አብዝቶ የሚሳሳተው ቀለም በመምረጥ ሳይሆን ግድግዳውን ሳይመረምር በመቀባት ነው። ምርመራው ሦስት ነው። መጀመሪያ መዳፍዎን በግድግዳው ላይ ያሹት፤ ነጭ ዱቄት ከያዘ አዲሱ ቀለም የሚጣበቀው ከዱቄቱ እንጂ ከግድግዳው ጋር አይሆንም፣ ከጥቂት ወራት በኋላም እየተቀረፈ ይወርዳል። እንዲህ ዓይነቱ ግድግዳ በብሩሽ ተጠርጎ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ፣ ፕራይመር ይፈልጋል። ቀጥሎ ትንሽ ቦታ በምላጭ ይስቀሉና ፕላስተር ለጥፈው በአንዴ ይንቀሉት፤ ቀለሙ አብሮ ከተነሳ አሮጌው ተፍቆ መውረድ አለበት ማለት ነው።

ሦስተኛውና ዋናው የእርጥበት ምርመራ ነው። ግድግዳው ላይ እንደ ካርታ የተሳለ ቢጫ እድፍ፣ ያበጠ ቀለም ወይም ነጭ ጨው ካለ፣ የክርታስ መጠን ያለው ላስቲክ አራት ጠርዙን በፕላስተር አሽገው ይለጥፉና አንድ ሙሉ ቀን ይጠብቁ። ጠብታው በላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ፣ በግድግዳው በኩል ከታየ ውኃው የሚመጣው ከግድግዳው ነው፤ የተሰነጠቀ ቧንቧ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ወይም ከውጭ የሚገባ ዝናብ መጀመሪያ መበጀት አለበት። ጠብታው በላስቲኩ ላይ፣ በክፍሉ በኩል ከሆነ ደግሞ የክፍሉ አየር ራሱ ረጥቧል፣ መድኃኒቱም መስኮት መክፈት ነው። ምንጩ ሳይደርቅ የተቀባ ቀለም ገንዘብን ከማባከን አያልፍም።

እዚህ ላይ ስለ ጊዜው አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። ለእንቁጣጣሽ ቤትን መቀባት የተወደደ ልማዳችን ነው። ይሁን እንጂ ጳጉሜ ግድግዳው የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ ገና ያልደረቀበት ወቅት ነው፤ በተለይ በምድር ቤትና በውጭ ግድግዳ ላይ በዚያ ሰሞን የተቀባው ቀለም ሲያብጥ የሚታየው ለዚህ ነው። የሚቻል ከሆነ ለአዲሱ ዓመት እጥበቱን፣ መጋረጃውንና የዕቃ ለውጡን ሠርቶ፣ ቀለሙን ወደ ኅዳርና ታኅሣሥ ማሳለፍ ይሻላል፤ ለገና ይደርሳል።

ግድግዳው ደረቅ ከሆነ ቀሪው ትዕግሥት ነው። የጠቆረው የቡና ጥግ በዱቄት ሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ፤ ጥላሸትና ቅባት ካልታጠበ በላዩ የተቀባውን ፕላስቲክ ቀለም አልፎ ይወጣል። የደረቀ የውኃ እድፍም እንዲሁ ነው፤ በሁለት እጅ ፕላስቲክ ቀለም አይሸፈንም፣ እድፉ ያለበት ቦታ ብቻ አስቀድሞ በዘይት ቀለም ይዘጋ። ስንጥቁ በስፓቱላ ጫፍ ትንሽ ሰፋ ተደርጎ በስቱኮ ይሞላ። ስቱኮውን በአንዴ አያወፍሩት፤ ስስ ስስ አድርገው ሁለት ጊዜ ይሙሉት፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። ከዚያም በውኃ የቀጠነ ቀለም አስቀድመው ያስነኩት፤ አለበለዚያ ስቱኮው ቀለሙን እየመጠጠ፣ ከተቀባም በኋላ በጎን ብርሃን ሲታይ እንደ ጥገኛ ጨርቅ ለብቻው ይለያል።

ግድግዳው ድሮ በዘይት ቀለም የተቀባ ከሆነ ገጽታው እስኪደበዝዝ መፋቅ አለበት። ነገር ግን ያረጀ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ በላይ እርሳስ ያለበትን ቀለም የሚከለክለው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ቤት ሲፋቅ ግድግዳውን እያረጠቡ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡርን ከቤት አርቆ ይሁን። ፍርፋሪው በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይሰብሰብ።

አሁን ሒሳቡ። የክፍላችን አራት ጎን ሲደመር 15 ሜትር ነው፤ በከፍታው ስናበዛው 39 ካሬ ይሆናል። ለበርና ለመስኮት 6 ካሬ ቢቀነስ 33 ይቀራል፤ ሁለት እጅ ሲቀባ 66 ካሬ ማለት ነው። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም በለሰለሰ ግድግዳ ላይ 9 ካሬ ገደማ ይሸፍናልና ወደ ሰባት ሊትር ተኩል፣ ማለትም ሁለት ባለ 4 ሊትር ጣሳ ይበቃል። ቀለም የተደባለቀላቸው ሁለት ጣሳዎች አንዳንዴ በጥቂቱ ይለያያሉ፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ንጹሕ ባልዲ አዋህደው ይጀምሩ። ጥጉን በብሩሽ አስቀድመው፣ ሳይደርቅ ቀሪውን በሮለር ይከተሉ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው እጅ መካከል ቢያንስ አራት ሰዓት ይለፍ። የተከራዩ ቤት ከሆነ ከዚህ ሁሉ በፊት አከራዩን ማናገር ይቀድማል።

ሦስተኛው ሳምንት ወደ ሶፋው ይመልሰናል። ሶፋው የሚሰምጥ ከሆነ ስፖንጅ ከመግዛትዎ በፊት ትራሱን አንስተው ከሥሩ ያለውን በእጅዎ ይጫኑት። እጅዎ ወደ ታች ከገባ የረገበው ላስቲኩ ወይም ስፕሪንጉ ነው፤ አዲስ ስፖንጅ ቢጨመርም መስመጡ አይቀርም። በልክ የተቆረጠ ኮምፔንሳቶ ከትራሱ ሥር ማስገባት ርካሹ መፍትሔ ነው፤ መቀመጫው ጠንከር እንደሚል ግን ይወቁት። ሥሩ ደህና ሆኖ ትራሱ ብቻ ከሳሳ ስፖንጁ ይቀየር፤ ሲገዙ በጣቶችዎ ጨምቀው ይልቀቁት፣ ወዲያው ካልተመለሰ አይግዙት። ልብሱ ካረጀ ሊታጠብ የሚችል ጥጥ ጨርቅ ለትራሶቹ ብቻ ማሰፋት ሙሉውን ከማልበስ በብዙ ይቀንሳል።

መጋረጃው የሚሰቀልበት ዘንግ ከመስኮቱ አናት ሳይሆን ወደ ኮርኒሱ ቀረብ ብሎ፣ በሁለቱም ጎን ከመስኮቱ 20 ሳንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ይተከል፤ ቀን ሲሰበሰብ መስኮቱን አይሸፍንም፣ ክፍሉም ከፍ ብሎ ይታያል። የጨርቁ ስፋት የዘንጉን እጥፍ ካልሆነ ተዘርግቶ የተሰጣ ይመስላል። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ዘንጉ ያለ ፊሸር አይያዝም፤ አቧራ እየረገፈ የሚዞር ብሎን በቅርቡ መውደቁ አይቀርም።

ለአራተኛው ሳምንት የቀረው ሁለተኛ መብራትና ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ነው። ከኮርኒሱ አምፖል ሌላ ሶፋው አጠገብ የምትቆም አንዲት የጠረጴዛ መብራት ብትኖር ማታ ማታ ጥላው ከሰው ፊት ይነሳል። ፎቶዎቹ ከኮርኒሱ ሥር አይሰቀሉ፤ የሥዕሉ መሃል ከወለሉ 1 ሜትር ከ50 ገደማ ላይ ሲውል ከቆመ ሰው ዓይን ጋር ይገናኛል። እኔ ከተሸመነ ሰው ሠራሽ አበባ ይልቅ የእናት ሰፌድ ወይም ሙዳይ ግድግዳ ላይ ባይ እመርጣለሁ፤ ስፌቱ ራሱ ቀለም አለው። ሰፌዱ ግን ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ቦታ አይሰቀል፣ የአክርማው ቀለም ቶሎ ይለቃል።

ከባልዲው የተረፈውን ቀለም ክዳኑ በሚገጥም የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ እስከ አፉ ሞልተው ያስቀምጡት፤ ላዩ ላይ የቀለሙን ቁጥርና የተቀባበትን ቀን ይጻፉ። ልጆች ግድግዳው ላይ ሲስሉ ወይም የወንበር ጀርባ ሲፍቀው፣ ያችን ቦታ ብቻ በትንሽ ስፖንጅ መታ መታ አድርጎ ማስነካት ይበቃል።