የማሽን ቀረጥ ሲሰላ ቅደም ተከተሉ

ከውጭ ማሽን የሚያስመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው መቶኛዎቹን ደምሮ በዋጋው ላይ ሲያባዛ ነው። እያንዳንዱ ክፍያ ግን የሚሰላበት የራሱ መነሻ አለው።

አንድ ማሽን መግዣው፣ ኢንሹራንሱና ማጓጓዣው ተደምሮ 1,000,000 ብር ገመተ እንበል። ኤክሳይዝ የለበትም፤ የጉምሩክ ቀረጡም 10 በመቶ ነው። ስለዚህ ቀረጡ 100,000 ብር ይሆናል። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ የሚታሰበው ቀረጡ በተደመረበት በ1,100,000 ብር ላይ ስለሆነ 165,000 ብር ይመጣል። 10 በመቶው ሱር ታክስ ደግሞ ተጨማሪ እሴት ታክሱንም ጨምሮ በ1,265,000 ብር ላይ ይሰላል፤ 126,500 ብር ማለት ነው።

ዊዝሆልዲንግ ግን በዚህ ክምር ላይ አይወጣም። በ3 በመቶ ስናስበው ወደ መጀመሪያው 1,000,000 ብር ተመልሶ 30,000 ብር ብቻ ይሆናል።

አራቱ ሲደመሩ 421,500 ብር ናቸው። መቶኛዎቹን በደፈናው የደመረ ሰው 380,000 ብር ይዞ ይሄድና 41,500 ብር ይጎድለዋል።

ዊዝሆልዲንጉ በዓመቱ መጨረሻ ከትርፍ ግብር ይቀነሳል። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ነጋዴም የከፈለውን ታክስ ከሽያጩ ታክስ ላይ ያቀናንሳል። ሱር ታክስ ግን ወጪ ሆኖ ይቀራል። ለኢንቨስትመንት የሚገቡ የካፒታል ዕቃዎች ከሱር ታክስ ነፃ ስለሆኑ፣ ማሽኑ በዚያ ምድብ መግባቱን ዲክላራሲዮን ከመሞላቱ በፊት ማረጋገጥ ይገባል።