ቁልፍ ሠሪው ደጅ ሲያድር

«ቁልፍ ሠሪው አምሽቶ ወደ ቤቱ ሲያዘግም፣ የቤቱና የሱቁ ቁልፎች በተቀደደው ኪሱ ሾልከው የኮቱ ገበር ውስጥ ገቡ። ደጁ ደርሶ ኪሶቹን ቢበረብር ባዶ ናቸው። ኮቱን አወለቀ፤ አጣጥፎ ደረጃው ላይ አነጠፈና ተቀመጠበት። እሷም ቁልፍ ያልያዘችው ሚስቱ ከገበያ ስትመለስ አየችውና፣ ‹እሰይ! የሰፈሩን በር ሁሉ የሚከፍት ባል ማግባት እንዴት ያለ መታደል ነው!› አለች።»

በዚህች አጭር ታሪክ ውስጥ ሦስቱም የምፀት ዓይነቶች አሉ።

የሚስቲቱ ንግግር የቃል ምፀት ነው። አፏ «መታደል» ይላል፤ ልቧ ሌላ ነው። ታዲያ ዋሸች እንበል? የለም። ዋሾ እውነቱ እንዳይታወቅበት ይጥራል፤ እሷ ግን ባሏ እንዲገባው ትፈልጋለች። ስቃ ብትናገረው ቀልድ፣ ከንፈሯን ነክሳ ብትናገረው ሽሙጥ ይሆናል። ተማሪዎች ይህን ከሰምና ወርቅ ጋር ሲያምታቱት አያለሁ። በሰምና ወርቅ አንዱ ቃል ሁለት ፍቺ ይይዛል፤ «መታደል» ግን እዚህ አንድ ፍቺ ብቻ ነው ያለው። የሚጋጨው ቃሉ ከነገሩ ጋር ነው። በሩ መዘጋቱን የሚነግሩንን ዓረፍተ ነገሮች ብናወጣቸው፣ ንግግሯ የምር ምስጋና ሆኖ ይቀራል።

የሰው በር ሲከፍት የሚውለው ሰው የራሱን መክፈት ማቃቱ ደግሞ የሁኔታ ምፀት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መጥፎ አጋጣሚን ሁሉ ምፀት ይለዋል። ሰውየውን ዳቦ ጋጋሪ አድርጋችሁ ታሪኩን እንደገና አንብቡት። ቁልፉ ይጠፋል፣ ደጅ ይቀመጣል፣ ያሳዝናል፤ ምፀቱ ግን የለም። ዳቦ ጋጋሪ በር ይከፍታል ብሎ የጠበቀ የለማ!

ሦስተኛው፣ ድራማዊው ምፀት፣ ለእኔ ከሁሉም ይረቃል። ሰውየው ቁልፎቹ ላይ ተቀምጧል፤ እኛ እናውቃለን፣ እሱ አያውቅም። ይህን የፈጠረው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ቦታ ነው። ወደ መጨረሻ ብንወስደው፣ «ለካስ ቁልፎቹ ገበሩ ውስጥ ነበሩ!» ብለን እንገረማለን እንጂ ኮቱን ሲያነጥፍ አንሳቀቅም።

ሼክስፒር በ«ኦቴሎ» ያደረገው ይህንኑ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው በዚህ ተውኔት፣ ኢያጎ ተንኮሉን ገና ከጅምሩ ለተመልካች ይናገራል። ዴስዴሞና የጣለችውን መሐረብ ኤሚሊያ አንስታ ለኢያጎ ስትሰጠውም እናያለን። ኦቴሎ ግን ሚስቱ ለካሲዮ የሰጠችው ይመስለዋል። ደራሲው ይህን ሁሉ እስከ ፍጻሜው ደብቆ ቢያቆየው ኖሮ የምናገኘው አንድ ድንጋጤ ብቻ ነበር። አሁን ግን ኦቴሎ ኢያጎን «ሐቀኛ» እያለ በጠራው ቁጥር፣ ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል።