የዘገየው አሥር ዓመት

የእህቴ ልጅ 20 ዓመቷ ነው። ያጠራቀመችውን 10,000 ብር ይዛ «አክስቴ፣ ቁጠባውን 30 ሲሞላኝ ብጀምር ምን ይቀርብኛል?» አለችኝ።

ወረቀት አወጣንና ከግብር በፊት በዓመት 7 በመቶ ወለድ አሰላን። የመጀመሪያው ዓመት ወለድ 700 ብር ነው። ካልነካችው በሁለተኛው ዓመት ወለዱም ስለሚወልድ 749 ይሆናል። በአሥር ዓመት ገንዘቧ 19,672 ብር ይደርሳል።

«እንግዲያው የሚቀርብኝ 9,672 ብር ብቻ ነው» አለች።

እስከ 60 ዓመቷ ስናሰላው ግን ዛሬ ከጀመረች 149,745፣ በ30 ከጀመረች 76,123 ብር ሆነ። ስትዘገይ የምታጣው ወለዱ ትንሽ የሆነበትን የመጀመሪያውን ሳይሆን እጅግ የበዛበትን የመጨረሻውን አሥር ዓመት ነው።

«አንድ ነገር ግን አትርሺ» አልኳት። «የዋጋ ንረቱ ከ7 በመቶ ካለፈ ብሩ ቢበዛም የሚገዛው ያንሳል። በየዓመቱ ሁለቱን አነጻጽሪ።»