ያውቁ ኖሯል? የአሞራ መንገድና የአውቶቡስ መንገድ

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል በመኪና ለመድረስ 560 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚነዳ፣ አሞራ ግን ያንኑ ጉዞ በ318 ኪሎ ሜትር እንደሚጨርሰው ያውቁ ኖሯል? ልዩነቱ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ትርፍ ብቻውን፣ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በአየር ላይ ካለው ርቀት ይበልጣል።

የመንገዱን ርቀት ለአየሩ ርቀት ሲያካፍሉ የሚያገኙት ቁጥር መንገዱ ምን ያህል እንደሚዞር እንደሚናገር ያውቁ ኖሯል? ለባሕር ዳር 560 ለ318 ሲካፈል 1.76 ይመጣል። ፍጹም ቀጥ ያለ መንገድ ቢኖር 1 ይሆን ነበር። ከ1 በታች የሚባል ነገር የለም፤ በሁለት ነጥቦች መካከል ከቀጥታ መስመር የሚያጥር መንገድ አልተሠራም፣ አይሠራምም።

ለዚህ ሁሉ መዞር ከተጠያቂዎቹ አንዱ ማን እንደሆነስ? ወደ ጎሃ ጽዮን ሄደው ከአባይ ገደል አፋፍ ላይ ይቁሙ። ማዶ ያለችው ደጀን በአየር ላይ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ሾፌሩ ግን አባይ በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ እንደገና ወጥቶ ደጀን ለመግባት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት 1,400 ሜትር ገደማ ነው። መሐንዲሱ መንገዱን በቀጥታ ልልቀቀው ቢል ኖሮ ይህን ሁሉ በ11 ኪሎ ሜትር ውስጥ ማውረድ ነበረበት። ያም በየመቶ ሜትሩ ወደ 13 ሜትር መውረድ ማለት ነው፤ የተጫነ ከባድ መኪና እንዲህ ባለ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ያቃጥላል፣ ሽቅብ ሲሆን ደግሞ በጭንቅ ነው የሚወጣው። ስለዚህ መንገዱ በተራራው ወገብ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ተሳበ፤ ቁልቁለቱም በመቶ ሜትር ወደ 7 ሜትር ወረደ። ተጓዡን የሚያዞረው ጥምዝምዝ፣ መኪናው በሰላም እንዲወርድ የተከፈለ ዋጋ ነው።

መውረዱና መውጣቱ ራሱ ርቀት እምብዛም እንደማይጨምር ያውቁ ኖሯል? ብዙ ሰው ትርፉ ከዳገቱ የመጣ ይመስለዋል። ነገር ግን 20 ኪሎ ሜትር እየነዱ 1,400 ሜትር ቢወርዱ፣ ዝንባሌው በርቀቱ ላይ የሚጨምረው 50 ሜትር ያህል ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ከመጠምዘዝ የመጣ ነው።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ በዚህ ረገድ ጨዋ መሆኑንስ? በአየር 113፣ በመንገድ 130 ኪሎ ሜትር፤ ሲካፈል 1.15። ደጋውን ሳይለቅ ስለሚሄድ የሚሻገረው ትልቅ ገደል የለም።

ሐዋሳ ግን ለየት ትላለች። በአየር 220፣ በሞጆ በኩል በመኪና 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ 1.25 ማለት ነው። የስምጥ ሸለቆው ወለል ሜዳ ሆኖ ሳለ 55 ኪሎ ሜትር ትርፍ ከየት መጣ? ካርታው ላይ ከአዲስ አበባ ሞጆ፣ ከሞጆ ሐዋሳ ሁለት ቀጥታ መስመሮች ያስምሩ። ድምሩ 246 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ የትርፉ ግማሽ ያህል፣ ወደ ደቡብ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሞጆ ድረስ መታጠፍ ያመጣው ነው። ጥፋቱ የኩርባው ሳይሆን የክርኑ ነው።

የአየር ርቀትን ያለ ምንም መሣሪያ በወረቀት ማስላት እንደሚቻል ያውቁ ኖሯል? ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ አንድ ዲግሪ ወደ ሰሜንም ሆነ ወደ ምሥራቅ በግምት 110 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሰሜን ጫፍ ላይ እንኳ ስህተቱ ትንሽ ነው። በአውሮፓ ቢሆን ይህ አቋራጭ አይሠራም፤ ወደ ሰሜን በሄዱ ቁጥር የምሥራቅ–ምዕራቡ ዲግሪ ይጠባል። አዲስ አበባ 9.03 ሰሜን፣ 38.74 ምሥራቅ ላይ፣ ባሕር ዳር ደግሞ 11.59 እና 37.39 ላይ ናቸው። ልዩነታቸው 2.56 እና 1.35 ዲግሪ ነው። እያንዳንዱን በ110 ሲያባዙ 282 እና 149 ኪሎ ሜትር ገደማ ያገኛሉ። ሁለቱን በየራሳቸው አባዝተው፣ ደምረው፣ ስኩዌር ሩት ሲያወጡ 318 ይመጣል።

አንድ አማካይ ቁጥር ለመላ አገሩ መያዝ ግን አጉል ድፍረት ነው። ደብረ ብርሃን 1.15፣ ሐዋሳ 1.25፣ ጅማ 1.36፣ መቀሌ በደሴ በኩል 1.56፣ ባሕር ዳር 1.76 ናቸው። የአምስቱ አማካይ 1.42 ነው። በዚህ አማካይ ጎንደርን እንገምት። የአየር ርቀቷ ከአዲስ አበባ 417 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ1.42 ሲባዛ 592 ይሆናል። እውነተኛው መንገድ ግን እስከ ባሕር ዳር 560፣ ከዚያ ጎንደር ድረስ 180፣ በድምሩ 740 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ 150 ኪሎ ሜትር ተሳሳትን! ነዳጅ የቆጠረ ሰው በዚህ ግምት መንገድ ላይ ይቀራል። አሁን አማካዩን ትተን በዚያው አቅጣጫ ያለችውን የባሕር ዳርን 1.76 እንውሰድ፦ 417 ሲባዛ በ1.76፣ 734። ከእውነተኛው በ6 ኪሎ ሜትር ብቻ ያንሳል። እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ርቀቱን ከማያውቁት ከተማ ጋር አንድ ወንዝ የሚሻገር፣ አንድ ተራራ የሚዞር፣ ርቀቱ የታወቀ ጎረቤት ይፈልጉና የእሱን ቁጥር ይዋሱ።

አገር ለአገርም እንደዚሁ ይለያያል። በ2002 እ.ኤ.አ. ሮናልድ ባሉና ባልደረቦቹ ባወጡት ንጽጽር ቤላሩስ 1.12፣ አሜሪካ 1.20፣ ግብፅ ደግሞ 2.10 ሆነዋል።

መንገዶቹ በሙሉ በቀጥታ ማዕዘን በሚቆራረጡበት ከተማ ውስጥ ቁጥሩ ከ1.41 እንደማያልፍ፣ መድረሻው በየትኛውም አቅጣጫ ቢሆን በአማካይ 1.27 እንደሚሆንስ ያውቁ ኖሯል? ማዶ ለማዶ ያሉ ቦታዎች ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የላቸውም። ባሕር ዳርና ጎርጎራ በጣና ሐይቅ ሁለት ዳርቻ ላይ ናቸው፤ በውኃው ላይ 72 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። በየብስ ሐይቁን ዞሮ የሚሄድ መኪና ግን ከዚህ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይነዳል። ርቀቱ ባጠረ ቁጥር አንድ ሐይቅ ወይም አንድ ገደል ቁጥሩን ያለ ልክ ያሳብጠዋል፤ በረጅም ጉዞ ላይ ያው ገደል በብዙ ኪሎ ሜትር ላይ ተበትኖ ይሳሳል። ለዚህም ነው የጎሃ ጽዮንና ደጀን 1.8 ሲሆን የመቀሌው 1.56 ላይ የቆመው።

ስሌትዎ ከ1 በታች ከሰጠዎት መንገዱን አይጠርጥሩ። አብዛኛውን ጊዜ የዲግሪው ደቂቃ እንደ አስርዮሽ ተነብቦ ነው፤ 9 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ 9.5 ነው፣ 9.30 አይደለም። አንዳንዴ ደግሞ የኪሎ ሜትር ሰሌዳው ርቀቱን የሚቆጥረው ከከተማው መሀል ሳይሆን ከዳር ካለ በር ይሆናል፤ ይህ ለመቀሌ ምንም አይደለም፣ ለደብረ ብርሃን ግን ቁጥሩን በግልጽ ያዛባዋል።